ማርታ፣ እናቷ እና ቁጥር 27

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የተጋበዝኩት ስለ ማኅበራዊ ሚናና ስለ ደንብ መጣስ እንድናገር ነው። ርዕሱ ትንሽ እንቅልፍ እንደሚጋብዝ አውቃለሁ። ስለዚህ ትርጓሜ እየደረደርኩ ከማደክማችሁ፣ አንዲት ሴት ከጠዋት እስከ ማታ እንከተል። ስሟ ማርታ ነው። ነርስ ናት፣ ሚስት ናት፣ የአንዲት ጉልበቷን የሚያማት እናት ልጅ ናት። የፈጠርኳት እኔ ነኝ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማርታ የምትባል ነርስ ካለች ይቅርታ፣ አንቺን አይደለም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ደንብ ሲጣስ ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደጣሰው ሰው ነው። ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ማን አሳደገው እንላለን። ዛሬ ግን ከጥሰቱ በኋላ ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች እዩልኝ። ማን ተናገረ? ማን ዝም አለ? ጣሹ ምን ብሎ መለሰ? አንድ ደንብ ጉልበት ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው እነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ነው። (ዓመቶችን ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

እሺ፣ ጠዋት ነው። ማርታ የአውቶቡስ ወረፋ ላይ ቆማለች። በዚህ ሰዓት ነርስም አይደለችም፣ ልጅም አይደለችም። ተሳፋሪ ናት። ተሳፋሪ መሆን ምንም ችሎታ የማይጠይቅ ይመስላል፣ ግን ዝርዝር ደንብ አለው። ከፊት ያለው ሰው ማጅራት ላይ አትተነፍስም። የአጠገቧን ሰው ስልክ አታነብም። አዲስ ሰው ሲመጣ አየት አድርጋ ዓይኗን ትመልሳለች። አፍጥጣ አታይም፣ ጭራሽ እንደሌለም አትቆጥርም። ኧርቪንግ ጎፍማን የተባለው ሶሲዮሎጂስት ይቺን አየት አድርጎ መመለስን በ1963 ባሳተመው ሥራው በደንብ ተንትኗታል። በግርድፉ የጨዋ ችላታ እንበላት። "አይቼሃለሁ፣ አልፈራሁህም፣ አልፈልግህምም" ማለት ናት። ከማናውቀው ሰው ጋር በሰላም ጎን ለጎን የምንቆመው በእሷ ነው።

አንድ ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ የሰካ ወጣት መጣና ከማርታ ፊት፣ ሁለት ሰው ቀደም ብሎ ወረፋው ውስጥ ገባ። ልክ ከኋላው የቀሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ ከዚያ ማርታ።

ማርታ ወጣቱን አየችው። ከዚያ ሽማግሌውን አየቻቸው። ጠበቀች። ሽማግሌው ጫማቸውን ያያሉ። ሴትየዋ ዞር ብላ ማርታን አየቻትና ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ማንም ምንም አላለም።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ማርታ ምን ነበር የምትጠብቀው? በሂሳብ ካሰብነው ጉዳቱ እኩል ነው። ሽማግሌውም፣ ሴትየዋም፣ ማርታም፣ መጨረሻ ላይ የቆመውም ሰው አንድ አንድ ቦታ ወደኋላ ሄደዋል። ግን ሁሉም፣ የመናገሩ ተራ የሽማግሌው እንደሆነ ሳይነጋገር ያውቃል። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፣ የትም አልተጻፈም።

ስታንሊ ሚልግራምና ባልደረቦቹ በ1986 ያሳተሙት ጥናት አለ፤ ኒውዮርክ ውስጥ 129 ወረፋዎች ላይ ነው የሠሩት። የእነሱ ሰው ሄዶ ሦስተኛውና አራተኛው ሰው መካከል ይገባል። ረጋ ባለ ድምፅ "ይቅርታ፣ እዚህ ጋ መግባት እፈልጋለሁ" ይላል፣ መልስ ሳይጠብቅ ይቆማል። ሰው ከተናገረው ወይም አንድ ደቂቃ ካለፈ ይወጣል። አንድ ሰው ብቻ ሲገባ ተቃውሞ የተሰማው 54 በመቶ ያህል ወረፋዎች ላይ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ሲገቡ ግን ከ90 በመቶ በላይ ሆነ። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰው ብቻውን ከገባ ግማሽ ያህሉ ወረፋ ዋጥ ያደርገዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ክፍል ነው። አጥኚዎቹ አንዳንዴ ልክ ከሰርጎ ገቡ ኋላ የሚቆም ዝምተኛ ሰው አስቀድመው ወረፋው ውስጥ ያስገቡ ነበር። ይህ ሰው ከእነሱ ወገን ነው፤ ሥራው ምንም አለመናገር ብቻ ነው። እሱ ዝም ሲል ከእሱ ኋላ ያሉት ሰዎች ተቃውሞ በጣም ወረደ። ሁለት ዝምተኞች ሲቆሙ ደግሞ ጭራሽ ጠፋ ማለት ይቻላል። ጉዳታቸው አልቀነሰም፣ ወረፋው አንድ ነው፣ ሰርጎ ገቡም አንድ ነው። የቀነሰው የመናገር መብታቸው ነው። "ዋናው ባለጉዳይ ዝም ካለ እኔ ማን ነኝ?" ዓይነት ነገር።

የኛ ሽማግሌም ጫማቸውን ሲያዩ ሳያውቁት ያን ሥራ እየሠሩ ነበር።

ማርታ ጉሮሮዋን ጠረገች። ይህም ዝም ብሎ አይደለም፣ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፣ ለወጣቱ ሳይዋረድ የሚወጣበት በር ይከፍትለታል። አልሰማም። "ወንድሜ፣ ወረፋው እኮ ከኋላ ነው" አለችው።

ወጣቱ አንዱን ማዳመጫ አወጣ። "ኧረ? ይቅርታ፣ አላየሁም።" ሄዶ መጨረሻ ላይ ቆመ።

እንዳየ ሁሉም ያውቃል። አሥር ሰው ተሰልፎ አለማየት አይቻልም። ግን ማንም "አይተሃል፣ አትዋሽ" አላለውም። ማርቪን ስኮትና ስታንፎርድ ላይማን በ1968 ያወጡት አንድ ጽሑፍ፣ ሰው ደንብ ከጣሰ በኋላ የሚናገረውን ነገር ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። አንደኛው ሰበብ ነው። "አዎ፣ ነገሩ ልክ አይደለም፣ ግን ጥፋቱ የኔ አይደለም" ይላል። አላየሁም፣ አላወቅሁም፣ ገፉኝ። ሁለተኛው ማጽደቂያ ነው። "አዎ፣ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ግን እንደምታስቡት ጥፋት አይደለም" ይላል። ወጣቱ የሰጠው ሰበብ ነው። ውሸት ነው፣ ግን ጥሩ ሰበብ ነው፣ ምክንያቱም ደንቡን ያከብራል። "አላየሁም" ሲል "ባየው ኖሮ አልገባም ነበር" እያለ ነው። ወረፋው የፈለገውም ይቺኑ ነበር። እውነቱ ለማንም አላስፈለገም።

ይህችን ያዙልኝ። ከሰዓት በኋላ እንፈልጋታለን።

ማርታ ክሊኒክ ደረሰች። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገባች። ሦስት ነርሶች አሉ። አንዷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላለች። ሌላዋ ትናንት የመጣን አንድ ታማሚ አነጋገር እየቀዳች ታሾፋለች፣ ማርታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ነጩን ጋውን ለበሰች፣ በሩን ከፈተች፣ ኮሪደሩ ላይ ወጣች። ፊቷ ተቀየረ። አስባበት አይደለም። በሩ ነው የቀየረው።

ጎፍማን በ1959 ማኅበራዊ ኑሮን በመድረክና በጓዳ ከፍሎ ያየው ለዚህ ነው። መድረክ ላይ የሚያይ ሰው አለና ሚናችንን እንጫወታለን። ጓዳ ገብተን እግራችንን እንሰቅላለን፣ ስለመድረኩ ሰዎች እናወራለን። ጓዳ ውስጥ ማሾፏ ነርሷን መጥፎ ሰው አያደርጋትም፤ እዚያ ደንቡ ሌላ ነው። እንዲያውም ጓዳ ውስጥ እንደ መድረኩ ኮስተር ብላ የምትቀመጥ ነርስ ብትኖር ጓደኞቿ "ምን ሆና ነው?" ይላሉ። ችግር የሚመጣው የጓዳው ወሬ በሩን አልፎ ሲወጣ ነው።

ወጣ።

ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ማርታን አገኛትና ድምፁን ሳይቀንስ "ያቺ ሁሌ ሞትኩ ሞትኩ የምትለዋ ዛሬም መጥታለች እንዴ?" አላት። ሴትየዋ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ስልኳን እየነካካች ነበር። አውራ ጣቷ ስክሪኑ ላይ ቆመ። ማርታ ድምፇን ከፍ አድርጋ "ዶክተር፣ የላቦራቶሪው ውጤት ጠረጴዛዎ ላይ ነው" አለች። ሐኪሙ ነገሩ ገባው፣ ወደ ክፍሉ ገባ። የሴትየዋ አውራ ጣት እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ።

ሁሉም ሰምቷል፣ ማንም አልሰማም። ሴትየዋም ጭምር አልሰማችም፣ ምክንያቱም ሰማሁ ብትል ቀጥሎ የሚመጣውን መቻል ሊኖርባት ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያው ሐኪም ሆዷን ሊመረምር ነው። የማርታ የላቦራቶሪ ወሬ የሐኪሙን ፊት አዳነ፣ የሴትየዋንም አዳነ። የተበጠሰው ነገር ማንም ስሙን ሳይጠራው ተቋጠረ።

አሁን ጠዋት ካየነው ወጣት ጋር አስተያዩት። ወጣቱ አንድ ቦታ ቀደመ፣ በሰው ፊት ተነገረው፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ወደኋላ ሄደ። ሐኪሙ አንዲት በሽተኛን በሰው ፊት አዋረደ፣ ይቅርታም ሰበብም አልተጠየቀም፣ እንዲያውም ጥፋቱን የጠገነችለት የበታቹ ናት። እንደኔ እንደኔ፣ ሚናን እንደ ቲያትር ብቻ የሚያስረዱ መጻሕፍት የሚስቱት ይህን ነው። ደንብ የጣሰ ሰው የሚከፍለው ዋጋ በጥሰቱ ክብደት ልክ አይደለም። በቦታው ልክ ነው። በተለይ ደግሞ መናገር የሚችለው ሰው በማግስቱ ከጣሹ የሚፈልገው ነገር ካለ፣ ዝምታው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ወደ ዋናው ነገር ልሂድ።

ክሊኒኩ ውስጥ የማርታ ሥራ ዛሬ ተራ መጥራት ነው። ሰው ሲገባ ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት ይወስዳል፣ እሷ በተራ ትጠራለች። ቀላል ይመስላል። ግን አስቡት፣ የነርስነት ቦታዋ አንድ ቢሆንም ከእሱ ጋር የሚመጡት ሰዎች ብዙ ናቸው። ታማሚው አለ፣ አስታማሚው አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ ኃላፊዋ አለች፣ ካርድ ክፍሉ አለ። ሮበርት መርተን በ1957 የጻፈው ስለዚህ ነው። አንድ ማኅበራዊ ቦታ አንድ ሚና ብቻ አያመጣም፣ የሚናዎች ስብስብ ያመጣል። ኃላፊዋ "ፍጠኚ" ትላለች፣ ታማሚው "አድምጪኝ" ይላል። ሁለቱም ከነርስ የሚጠበቅ ነገር ነው፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማድረግ ግን አይቻልም። በአንድ ቦታ ውስጥ የሚመጣ እንዲህ ያለ መወጠር የሚና ውጥረት ይባላል። ተማሪዎች ይህን ከሚና ግጭት ጋር ያምታቱታል፣ ፈተና ላይም ይወድቁበታል። መለያው ቀላል ነው። የሚጣሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሚመጡት ከአንዱ ቦታዋ፣ ከነርስነቷ ብቻ ከሆነ ውጥረት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ሌላ ነው።

በሩ ተከፈተና እናቷ ገባች።

ቀጠሮ የላትም። ጉልበቷን ከትናንት ጀምሮ ብሷታል። ወረቀት ወሰደች፣ 27 ቁጥር። ማርታ በዚያ ሰዓት 13ን ጠርታ ነበር። እናትየው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አጠገቧ ላለችው ሴት፣ ሌላውም ሰው እንዲሰማ አድርጋ፣ "ልጄ እኮ እዚህ ናት የምትሠራው፣ ያቻትልሽ" አለች።

ይቺ ዓረፍተ ነገር የማርታን ቀን አበላሸችው። እናቷ ሳትናገር ብትቀመጥ ኖሮ ማርታ እንዳላየ ሆና 14ን ትጠራ ነበር፣ በኋላም ወደ እናቷ ሄዳ ጆሮዋ ላይ "ትንሽ ታገሺኝ" ትላት ነበር። አሁን ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሁለቱንም ማርታዎች ባንድ ጊዜ እያየ ነው። ነርሷንም ልጅቷንም። መርተን ስለ ሚና ስብስብ ሲጽፍ አጥብቆ የያዘው አንድ ነጥብ ይህ ነበር። ብዙዎቻችን እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ለተለያዩ ሰዎች ቃል ገብተን በሰላም የምንኖረው፣ ሰዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው ስለማያዩን ነው። ጎፍማንም ተመልካችን ስለመለያየት ያለው ከዚህ ጋር ይገጥማል። የማርታ ተመልካቾች ተቀላቀሉባት።

እናትየው ዝም ብላ ታያታለች። አትለምንም። ልጅ እናቷን ካልረዳች ምን ልጅ ናት? ሌሎቹ ቁጥራቸውን ይዘው ያዩዋታል። ተራ የማታከብር ተራ ጠሪ ምን ተራ ጠሪ ናት? ማርታ የቱንም ብታደርግ አንዱን ደንብ ትጥሳለች። ይህ ነው የሚና ግጭት። ሁለት ቦታ፣ ሁለት ትክክለኛ ጥያቄ፣ አንድ ሰው።

ስለዚህ ግጭት ከተጠየቁ ጥያቄዎች አንዱን ልንገራችሁ። ሳሙኤል ስቶፈርና ጃክሰን ቶቢ በ1951 ያሳተሙት ነው። ጓደኛህ መኪና እየነዳ ነው፣ አንተ አጠገቡ ተቀምጠሃል። የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል ነው፣ እሱ ቢያንስ በ35 ይነዳል፣ እግረኛ ገጨ። ከአንተ ሌላ ምስክር የለም። ጠበቃው "20 ነበር ብለህ ከመሰከርክ ይተርፋል" ይልሃል። አጥኚዎቹ የጠየቁት "ምን ማድረግ ትክክል ነው?" ብለው ብቻ አይደለም። "ጓደኛህ ይህን ከአንተ የመጠበቅ መብት ምን ያህል አለው?" ነው ያሉት። ጥያቄዋ ረቂቅ ናት፣ ምክንያቱም ሚና ማለት ሌላው ከእኛ የመጠበቅ መብት ያለው ነገር ነው። መልሱ አንድ ዓይነት አልሆነም። አንዳንዱ "መብት አለው" አለ፣ አንዳንዱ "ምንም መብት የለውም" አለ።

ለማርታም ጥያቄው ይኸው ነው። እናቷ ከእሷ ይህን የመጠበቅ መብት አላት?

14 ወጣ። ማርታ ወረቀቷን አየች፣ ቀና አለች፣ "እማዬ፣ ነይ" አለች።

15 ቁጥርን የያዘው ሰውዬ ለመነሳት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር። እጁ እዚያው ቀረ። አልጮኸም። "ሲስተር፣ የእሳቸው ቁጥር ስንት ነው?" አለ ብቻ።

እንደዚህ ያለ ጥያቄ መረጃ ለማግኘት አይጠየቅም። ቁጥሩን ሁሉም ያውቃል፣ እናትየው ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች። ሰውየው ለማርታ ቦታ እየሰጣት ነው። "አንድ ነገር በይና ልቀበልሽ" እያላት ነው። ልክ እሷ ጠዋት ጉሮሮዋን እንደጠረገችው።

ማርታ ምን አማራጭ አላት? "አላየሁም" ማለት አትችልም፣ ቁጥሩን የምትጠራው እሷ ናት። ሰበብ ተዘጋባት። የሚቀራት ማጽደቂያ ነው። ሁለት ዓይነት ማጽደቂያ አላት። አንዱ እውነቱ ነው። "እናቴ ናት፣ እናቴን አስቀድማለሁ።" ይህን ብትል ግን የክሊኒኩ ደንብ ተራ መሆኑ ይቀርና ዝምድና ይሆናል፣ ያም ከአፏ በይፋ ይወጣል። ሌላኛው ውሸት ነው፣ ግን ከደንቡ ጋር አይጣላም።

"ድንገተኛ ነው" አለች።

እናትየው ይህን ስትሰማ ምን አደረገች መሰላችሁ? ስትገባ ደህና ትራመድ የነበረችው ሴት ማነከስ ጀመረች። በሩ ጋ ስትደርስ ግድግዳውን ያዘች። ማርታም ሳታስበው ክንዷን ደገፈቻት። ማንም አላዘዛቸውም፣ አልተመካከሩም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያው ሚልግራም ተማሪዎቹን ምድር ባቡር ውስጥ ልኮ፣ ምንም ምክንያት ሳይሰጡ የተቀመጠ ሰው ወንበሩን እንዲለቅላቸው እንዲጠይቁ አደረጋቸው። ያለ ምክንያት ሲጠየቁ 68 በመቶ ያህሉ ተነሱ ወይም ተጠጋጉ። ወሬው ግን እዚህ ቁጥር ላይ አይደለም ያለው። ሚልግራም ራሱ ሊሞክር ሄደ፣ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ቀረበት። በመጨረሻ ጠይቆ ቦታ ተለቀቀለት። ከተቀመጠ በኋላ ጥያቄውን የሚያጸድቅ ነገር ማድረግ እንዳለበት ተሰማው። አንገቱን ደፋ፣ የታመመ እንደሚመስል ገባው። እያስመሰለ አልነበረም፣ በእውነት አመመኝ ብሏል። ደንብ የጣሰ ሰውነት ራሱ ማጽደቂያ ይፈጥራል። የማርታ እናትም በዚያች ሰዓት ጉልበቷ የባሰ ሳያማት አይቀርም። እኔ አምናታለሁ።

15 ቁጥር ተቀመጠ። ዝም አለ። ነገሩ አለቀ ብለን ልንሄድ እንችል ነበር፣ ግን ጠዋት ካየነው የተለየ አንድ ነገር አለ። ጠዋት ደንቡን የጣሰው ተራ ሰው ነበር። አሁን የጣሰችው ጠባቂዋ ናት። እስቲ የቀጠለውን እዩት።

ከእናትየው በኋላ 15 ገባ። 16ን ስትጠራ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተነሳች፣ ቁጥሯ 22 ነው። "ሲስተር፣ ልጁ ትኩሳት አለው፣ የኛም ድንገተኛ ነው" አለቻት። ማርታ ልጁን ነካችው። ለብ ብሏል፣ ያን ያህል አይደለም። በሌላ ቀን "እናቴ፣ ጥቂት ሰው ነው የቀረሽ፣ ተቀመጪ" ትላት ነበር። ዛሬ አፏ አልታዘዛትም። አስገባቻት። ከዚያ 19 ሳይጠራ በሩ ጋ ሄዶ ቆመ። 17 "ምንድን ነው ይሄ?" ብሎ ጮኸ፣ የጮኸው ግን 19 ላይ እንጂ ማርታ ላይ አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ከአግዳሚው ተነስቶ በሩን ከቦ ቆመ። ቁጥሩ አሁንም እጁ ላይ ነው። ወረቀት ሆኗል እንጂ ቁጥር አይደለም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው "አዩ፣ ሰዉ ሥርዓት የለውም" ሲል ነው። ሰዉ ከአንድ ሰዓት በፊት በሥርዓት ተቀምጦ ነበር። ተራ የሚከበረው ሁሉም የሌላው እንደሚያከብር ሲያምን ነው። የጠባቂዋ ጥሰት የወሰደው አንድ ቦታ አይደለም፣ ያንን እምነት ነው። ሌላም ነገር አለ። "ድንገተኛ" የምትለዋ ቃል ደንቡ ውስጥ ድሮም የነበረች ሕጋዊ ቀዳዳ ናት፣ ማርታ ሰፋ አድርጋ ስትከፍታት ሌላውም ገባባት። "እናቴ ናት" ብላ እውነቱን ብትናገር ኖሮ ሰዉ ይቆጣ ነበር፣ ግን 22 ቁጥር ያን ምክንያት መዋስ አትችልም ነበር። ውሸቱ ደንቡን ያከበረ መስሎ የበለጠ ጎዳው። ጠዋት ለወጣቱ የሠራው ብልሃት ለእሷ ያልሠራው ለዚህ ነው። እሱ ከውሸቱ በኋላ ቦታውን መልሶ ነበር።

ቅጣቱም መጣ። በወረቀት አይደለም። ኃላፊዋ በኮሪደሩ ስታልፍ የተከበበውን በር አየችና "ሲስተር ማርታ፣ ዛሬ ቁጥር ጠፋ እንዴ?" ብላ ሄደች። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስትገባ ወሬው ቆም ብሎ እንደገና ጀመረ፣ በሌላ ርዕስ። ጠዋት ከእነሱ ጋር ያሾፈችበት ጓዳ ለአምስት ደቂቃ መድረክ ሆነባት።

ማታ ቤቷ ገባች። ባሏ ሶፋ ላይ ነው። "እራት በላህ? መቼ ነው የበላኸው? ራስ ምታቱ ተሻለህ ወይስ አሁንም አለ?" አለችው፣ አጠገቡ ቆማ፣ ሳትቀመጥ። ባሏ ቀና ብሎ አያትና "ሲስተር፣ ቁጥሬ ስንት ነው?" አላት። ስለ ቀኑ ምንም አያውቅም፣ ቀልዱ ነው። ማርታ አልሳቀችም።

የተናገረችው ሁሉ ደግነት ነው፣ ክፉ ቃል የለበትም። ግን ቤት ውስጥ እንዲህ አይጠየቅም። ሃሮልድ ጋርፊንክል ተማሪዎቹን የገዛ ቤተሰባቸው ቤት ውስጥ ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት እንደ ተከራይ ሆነው እንዲቆዩ ያደረገበት ሙከራ አለ። በ1967 ባወጣው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። ትሁት ይሁኑ፣ ሲጠየቁ ብቻ ይናገሩ፣ የግል ነገር አያንሱ ነበር ትዕዛዙ። ቤተሰቡ ግራ ተጋባ። "ምን ሆነሃል? አሞሃል? ከሥራ ተባረርሽ እንዴ? ምን ተቆጥተሽ ነው?" እያሉ ምክንያት ፍለጋ ገቡ። ትሕትና ራሱ ቦታውን ሲስት ጥሰት ነው። የማርታ ባል እንደነሱ አልተቆጣም፣ ቀለደ። ቀልድ ከቅጣቶች ሁሉ ርካሹ ነው፣ ተቀጪው መሳቅ ከቻለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ማርታ ስላልሳቀች ባሏ ስልኩን አስቀመጠና "ምን ሆነሻል?" አለ። እሷም ተቀመጠች፣ ነገረችው።

እየነገረችው ሳለ እናቷ ደወለች። ጉልበቷ ተሽሏታል። "እንዴት ያለ መድኃኒት ነው የሰጡኝ! ደግሞ ያን ሁሉ ሰው አልፈሽ ስትጠሪኝ እንዴት እንደኮራሁ! ጓደኛዬም ወገቧን ያማታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይዣት ልምጣ?"

እናትየው ምንም ጥፋት አላየችም። ከእሷ ወንበር ሲታይ የተጣሰ ደንብ የለም፣ የተከበረ ደንብ ነው ያለው።

ማርታ "አትምጪ" ማለት አልቻለችም፣ "ነይ" ማለትም አልቻለችም። ትንሽ ዝም አለችና "ሐሙስ ይዘሻት ነይ። ሐሙስ ተራ የምጠራው እኔ አይደለሁም" አለች። ያው ተመልካቾቿን ለያየቻቸው። እናቷ ስትመጣ የልጅነቷ ሚና ቤት ይቀራል፣ ክሊኒክ ውስጥ የሚገጥማት ሌላ ነርስ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች "ሠራተኛ የዘመዱን ጉዳይ አይዝም" የሚል ደንብ የሚያወጡት ለዚሁ ነው፤ ሰውየውን ስለማያምኑት ብቻ አይደለም፣ ምርጫውን ከትከሻው ሊያወርዱለትም ነው።

ብልሃቱ ግን ግማሽ ብቻ ነው የሚሠራው። ሐሙስ ተራ የምትጠራው ጠዋት ጫማዋን አውልቃ የነበረችው ነርስ ናት። 31 ቁጥር ይዘው የተቀመጡት ሴትዮ የማርታ እናት እንደሆኑ ታውቃለች፣ ማርታ ባለፈው ወር ፈረቃዋን እንደሸፈነችላትም አልረሳችም። ሴትየዋም አጠገባቸው ላለው ሰው "ልጄ እኮ እዚህ ናት የምትሠራው፣ ዛሬ የለችም እንጂ" ይላሉ።

ጥያቄ ካላችሁ እዚህ ላይ ልቀበል።